አቀላጥፎ መናገርና በትክክል መናገር፦ በውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች የአንድ ሰዓት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ አሠራር

ይህ መመሪያ በአሜሪካዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እንዲሁም በሌሎች ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች ቅዳሜ ወይም እሑድ ልጆችን አማርኛ ለሚያስተምሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በሐሳብ የያዝነው ክፍል ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 12 ልጆች ያሉበት ነው። እናት በአማርኛ ስትናገር ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ መልሱን ግን በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። ፊደል ለይተው ሊሆን ይችላል፣ ላይለዩም ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ፊደል ግድ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያስተምር ሰው ከሁለት በአንዱ አቅጣጫ ያጋድላል። አንዱ መምህር ልጁ «እናቴ መጣ» ባለ ቁጥር «መጣች በል» እያለ ያቋርጠዋል፤ ከሦስተኛው እርማት በኋላ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል ወይም «አዎ» እና «አይ» ብቻ መመለስ ይጀምራል። ሌላው መምህር «ዋናው መናገሩ ነው» ብሎ ሁሉንም ያሳልፋል፤ ልጁም ከዓመት በኋላ ፈጥኖና ሳያፍር «እናቴ መጣ» ይላል። የመጀመሪያው ልጅ ቅልጥፍና አጣ፣ የሁለተኛው ስሕተት ደግሞ በቅልጥፍናው ላይ ተለስኖ ቀረ።

ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አብሮ ማስኬድ የማይቻለው የልጁ ትኩረት ውስን ስለሆነ ነው። የሚለውን ነገር እየፈለገ፣ ቃሉን እያስታወሰ፣ የግሱን መጨረሻ ደግሞ ለእሷ ይሁን ለእሱ እየመረጠ በአንድ ጊዜ አይዘልቅም፤ አንዱን ይጥላል። ስለዚህ ጊዜያቸውን እንለያያለን። መጀመሪያ ያለ እርማት ይናገራሉ፤ እርማቱ የሚመጣው እነርሱው ከተናገሩት ነው፤ ከዚያም ያንኑ ነገር እንደገና ይናገሩታል። ብዙ ክፍሎች ውስጥ የሚዘለለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ እርማቱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ልጆቹ በደብተራቸው ገልብጠው ክፍሉ ያበቃል። ወደ አፋቸው ያልተመለሰ እርማት በሚቀጥለው ሳምንት የለም።

ከክፍሉ በፊት፦ ርዕሱን መምረጥ

ርዕሱ ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። ልጁ ይዘቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ይሁን፤ ምን ልበል ብሎ ማሰብ የለበትም። ከራሱ ውጪ ሌሎች ሰዎችም ይኑሩበት። «ስለ ራሴ» የሚል ርዕስ ከሰጡ ልጁ «በላሁ፣ ተጫወትኩ፣ ተኛሁ» እያለ ሙሉ ሦስት ደቂቃ ያለ አንድ ስሕተት ሊጨርስ ይችላል። ይህ ትክክለኛነት ይመስላል፣ ግን አስቸጋሪውን ነገር መሸሽ ነው። በአማርኛ ግስ ላይ የሚፈተነው እሷ፣ እሱ፣ እነሱና እሳቸው ሲመጡ ነው።

ለዛሬ የምንሠራበት ርዕስ «ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን» ነው። እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ አክስት፣ እንግዳ ሁሉ ይገባበታል፤ ጊዜውም ያለፈ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ የስልክ ሰዓት ቆጣሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትንሽ ካርድ፣ እናት፣ አባት፣ አያት፣ እኅት፣ ወንድሞችና እንግዶች የተሳሉባቸው ስድስት ሥዕሎች፣ ለእርስዎ ደግሞ አንድ የማዳመጫ ወረቀት። በወረቀቱ ላይ በግራ «የተባለው»፣ በቀኝ «ትክክሉ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያስምሩ። ስም አይጻፉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ እነዚህን አራት ነገሮች በትልቁ ይለጥፉ፦ «እንትን»፣ «ማለቴ»፣ «ምን ነበር ስሙ?»፣ «... በአማርኛ ምን ይባላል?»። አማርኛ ተናጋሪ ቃል ሲጠፋው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ልጁ ግን ቃል ሲጠፋው «ላይክ» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፣ ከተሻገረም በኋላ ለመመለስ ይከብደዋል። «እንትን» የሚል ልጅ ንግግሩ አልተቋረጠም፤ አማርኛ ውስጥ ሆኖ እያሰበ ነው። ቃሏን በደንብ ያስተምሯት።

1. ማሳያና ዝግጅት (8 ደቂቃ)

አምስቱ ደቂቃ የእርስዎ ነው። የራስዎን ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ደቂቃ ያህል በተፈጥሮ ፍጥነት ይተርኩ፤ ቀጥሎ ልጆቹ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁዎት። ስለ ግስ አንድም ቃል አይናገሩ። እናትዎን፣ እንግዳውን፣ ልጆቹን በትረካው ውስጥ ካስገቡ ልጆቹ «አለች፣ አሉ፣ መጡ» የሚለውን በጆሯቸው ያገኙታል፤ ለጊዜው ይበቃል።

ቀሪው ሦስት ደቂቃ የልጆቹ ዝግጅት ነው። ካርዳቸው ላይ አምስት ትንንሽ ሥዕሎች ይሣሉ ወይም አምስት ቃላት ይጻፉ፤ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይፈቀድም። ዓረፍተ ነገር የጻፈ ልጅ ያነባል እንጂ አይናገርም፤ ዓይኑ ወረቀት ላይ፣ ድምፁ ደግሞ ወጥ ሆኖ ያውቁታል። ዝግጅቱን ጨርሶ አይሰርዙት። ሦስት ደቂቃ አስቦ የሚናገር ልጅ በድንገት ከተጠየቀው ይልቅ ዝምታው ያነሰ፣ የሚለውም የበዛ ይሆናል።

2. ሁለት ዙር ንግግር ያለ እርማት (12 ደቂቃ)

ልጆቹ ስድስት በስድስት ሆነው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቀመጡ። በመጀመሪያው ዙር የግራው ረድፍ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፣ የቀኙ ይሰማል፤ ቀጥሎ ይቀያየራሉ። ከዚያ አንደኛው ረድፍ አንድ አንድ ወንበር ይሸጋሸግና እያንዳንዱ ልጅ ያንኑ ታሪክ ለአዲስ ሰሚ በሁለት ደቂቃ ይናገራል። ካርዱ በሁለተኛው ዙር ተገልብጦ ይቀመጥ።

የአሠራሩ መሠረት አራት፣ ሦስት፣ ሁለት የሚባለው ልምምድ ነው። ኪት ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 አስተዋወቀው፤ የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን ደግሞ በ1989 አጥንቶ በሰፊው እንዲታወቅ አደረገው። ተናጋሪው አንዱን ታሪክ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች በአራት፣ በሦስት፣ በሁለት ደቂቃ ይናገራል። ሰሚው ስለሚቀየር ታሪኩን መድገሙ አያሰለችም፤ ይዘቱ ስለማይቀየር ትኩረቱ ወደ ቃላቱ ይዞራል፤ ጊዜው ስለሚያጥር ዝምታው ይቀንሳል። ለእኛ ልጆች አራት ደቂቃ ረጅም ነው። ከሦስት ጀምሩ፤ በጣም ጀማሪ ከሆኑ በአንድ ተኩል።

ሰሚውም ሥራ ይኑረው። ተናጋሪው ሲጨርስ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ «እንጀራውን ማን ጋገረ?»፣ «ከዚያ የት ሄዳችሁ?»። ሥራ ያልተሰጠው ሰሚ ጣሪያውን ያያል፤ ተናጋሪውም ያንን አይቶ ያሳጥራል።

እርስዎ በዚህ ጊዜ ከረድፉ ጀርባ እየዞሩ ይጻፉ። ስሕተቱን በልጁ አባባል ቃል በቃል ይጻፉት፤ «የግስ ችግር» ብለው ቢጽፉ በኋላ አይጠቅምዎትም። ከስምንት ዓረፍተ ነገር በላይ አይሰብስቡ፤ ከነዚያም ሁለቱ በጣም ጥሩ የተባሉ ይሁኑ።

ንግግሩን የሚያቋርጡት በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንደኛው ልጁ ከአሥር ሰከንድ በላይ ተጣብቆ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ የጠፋውን ቃል ብቻ ጠጋ ብለው በጆሮው ይንገሩትና ይለፉ። ሁለተኛው ትርጉሙ ለሰሚው ተገልብጦ ሲደርስ ነው። እዚህ አገር ያለ ልጅ «ስምንት ሰዓት ተነሳሁ» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጣች አያቱ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ የተኛ መስሎ ይሰማታል። ይህን ወዲያው «በኢትዮጵያ ሰዓት ስንት?» ብለው ይጠይቁት። «እናቴ መጣ» ግን አንድም ሰው አያሳስትም፤ ይጻፉትና ይተዉት። መምህር ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ነው፣ ምላስን መንከስ ይጠይቃል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ አንዴ ካቋረጡ ልጁ ከእያንዳንዱ ግስ በኋላ ዓይንዎን ማየት ይጀምራል።

3. ከተሰበሰበው አንዱን መምረጥ (5 ደቂቃ)

ልጆቹ ከሰሟቸው ሁለት ታሪኮች የወደዱትን ክፍል ሲሥሉ ወይም በአንድ መስመር ሲጽፉ እርስዎ ወረቀትዎን ያንብቡ። ለአብነት ያህል አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ዙር እንዲህ ብላለች እንበል፦

«ቅዳሜ እኔ ተነሳሁ ስምንት ሰዓት። እናቴ ቡና አፈላ። አባቴ ሄደ ወደ ሥራ። እኔ አልሄድኩ። ከዚያ አክስቴ መጣ። አመጣ ዳቦ፣ ላይክ፣ ቢግ ዳቦ። አክስቴ ነገረ እኔን፣ ‹ነይ ብዪ›።»

ሁሉም የተበላሸ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ሥርዓት አለው። የአክስቷን አነጋገር ሳንቆጥር ሰባት ግሶች ተጠቅማለች፤ ትክክል የሆኑት «ተነሳሁ» እና «ሄደ» ብቻ ናቸው። ከተሳሳቱት አምስቱ ውስጥ አራቱ ማለትም «አፈላ፣ መጣ፣ አመጣ፣ ነገረ» አንድ ዓይነት ናቸው፦ አድራጊዋ ሴት ናት፣ ግሱ ግን የወንድ ነው። ይህ የሚሆነው «መጣ» ከሁሉ አጭርና ባዶ የሆነው መልክ ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ባለፈ ጊዜ ግስ ላይ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ልጅቷ ያንን ልማድ ይዛ አጭሩን ለሁሉም ትጠቀምበታለች። «ነይ ብዪ» ግን አልተሳሳተችም፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ ሲባል የምትሰማው ነውና እንዳለ ይዛዋለች።

የቀሩትስ? «አልሄድኩ» መጨረሻው ላይ «ም» ጎድሎታል። «ነገረ እኔን» ደግሞ ሁለት ስሕተት አለው፤ የሴትነቱ ሲስተካከል እንኳ «ነገረችኝ» ለመሆን ሌላ ትምህርት ይፈልጋል። የቃላቱ ቅደም ተከተል፣ ግሱን አስቀድሞ «ሄደ ወደ ሥራ» ማለቱ፣ እንግሊዝኛ ነው፤ ሆኖም በንግግር እኛም «መጣ እኮ አባትሽ» እንላለንና ጆሮን ብዙ አይጎረብጥም። ይቆየን።

ለዛሬ የሚመረጠው አንድ ብቻ ነው። ሦስት ነገር ጠይቀው ይምረጡ፦ ከ12ቱ ልጆች ቢያንስ በአራቱ ላይ ታይቷል? በአንድ ልጅ ንግግር ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል? በ18 ደቂቃ ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው ሊይዙት የሚችሉት ነው? የሴት ግስ ሦስቱንም ያልፋል። «ነገረችኝ» ሦስተኛውን ስለማያልፍ ለሚቀጥለው ሳምንት ይመዝገብ።

እዚህ ላይ ስሕተት ያልሆነውን ስሕተት እንዳያደርጉ ይጠንቀቁ። ቤተሰቡ ከጎጃም ወይም ከጎንደር የሆነ ልጅ «ሄድሁ» ቢል ቤቱ የሰማው ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ «ሄድኩ በል» ማለት የአያቱን አነጋገር ማረም ነው። አያትን በአንቱታ መጥራትም ከቤት ቤት ይለያያል። «አያቴ መጣች» የሚል ልጅ ቤቱ እንደዚያ ከሆነ አልተሳሳተም፤ መጀመሪያ «ቤት ምን ብለህ ነው የምትጠራት?» ይበሉት።

4. የትክክለኛነት ጊዜ (18 ደቂቃ)

ሰሌዳው ላይ ከወረቀትዎ ስድስት ዓረፍተ ነገሮችን ይጻፉ፤ አራቱ የተሳሳቱ፣ ሁለቱ ልጆቹ በትክክል የተናገሯቸው። ማን እንዳለው አይጠቀስም። ፊደል ላልለዩት ሁለት ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ትክክል የሆኑትን ሁለቱን ይፈልጉ። ትክክሉን ፈልጉ ማለት ስሕተቱን ፈልጉ ከማለት ይሻላል፤ ሁሉንም በጆሮአቸው እንዲመዝኑ ያስገድዳቸዋል፣ የራሱ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ያለበት ልጅም አይሸማቀቅም።

ቀጥሎ እርማቱን ከልጆቹ አፍ ያውጡ። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በካናዳ ሞንትሪያል አካባቢ በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆችን ክፍሎች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራኑ ከሁሉ አብዝተው የሚጠቀሙት የልጁን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገርን ነበር፤ ልጆቹ ራሳቸውን የሚያርሙት ግን ከሁሉ ያነሰ ከዚያ በኋላ ነበር። ምክንያቱን በእኛም ክፍል ማየት ይቻላል። ልጁ «እናቴ ቡና አፈላ» ሲል እርስዎ «አዎ፣ እናትህ ቡና አፈላች» ቢሉት እርማት አይመስለውም፤ እንደሰሙት የነገሩት ብቻ ነው የሚመስለው። ይህ ዓይነቱ ምላሽ በነፃ ንግግሩ ጊዜ ደግ ነው፣ አያቋርጥም። በዚህ 18 ደቂቃ ውስጥ ግን አይበቃም።

የሚበቃው ዓረፍተ ነገሩን ጀምረው ከግሱ በፊት ማቆም ነው፦ «እናቴ ቡና...?»። አማርኛ ለዚህ የተመቸ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ያስቀሩት አንድ ቃል በትክክል የሚፈተነው ቃል ይሆናል። ድምፅዎን «እናቴ» ላይ ጫን ያድርጉና ይጠብቁ። በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ አብዛኛው መምህር ሁለት ሳይሞላ መልሱን ራሱ ይናገራል። ልጁ «አፈላ» ካለ «እናቴ... ማን ናት? እሱ? እሷ?» ብለው ይጠይቁት። እንደገና ካልመጣለት ለጎረቤቱ ያሳልፉ፣ ከዚያ ግን ወደ እሱ ይመለሱና እሱም ይበለው።

አሁን ሥዕሎቹን ያውጡ። አንድ ግስ ይዘው ሥዕል እየቀያየሩ ያሳዩ፦ እናት ሲሆን «አፈላች»፣ አባት ሲሆን «አፈላ»፣ እንግዶች ሲሆኑ «አፈሉ»፣ በአንቱታ የሚጠሩ አያት ሲሆኑም «አፈሉ»። የአንቱታውና የብዙ ቁጥሩ ግስ አንድ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ያስተውሉት፤ የሚይዙት አንድ መልክ ቀነሰላቸው። መጀመሪያ ሳይቸኩሉ ይሂዱ፣ እያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይበል። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ከደረሳቸው በኋላ ግሱን ይቀይሩ፦ «መጣ፣ አመጣ፣ ሄደ፣ ገዛ፣ አለ»። ከዚያ ሥዕሉን በየአምስት ሰከንዱ ይገልብጡ። ሦስት ልጆች ተከታትለው ከተሳሳቱ ፍጥነቱ ቀድሟቸዋል፤ ወደ ዝግታው ይመለሱ።

የመጨረሻዎቹን አራት ደቂቃዎች ሥዕል ሳይኖር ስለ እውነተኛ ሰዎች ይጠቀሙባቸው። «ዛሬ ወደዚህ ማን አመጣህ?» ሲሉት «አባቴ አመጣኝ» ወይም «እናቴ አመጣችኝ» ይመጣል። «ኝ»ን ቢጥላት ዛሬ አይነኳት። የተመረጠው የሴት ግስ ነው፤ ሌላውን እዚህ ውስጥ ማስገባት ሁለቱንም ያበላሻል።

ስለ ድምፆች አንድ ነገር። «ጥል» ለማለት «ትል» የሚል ልጅ በዚህ ጊዜ መካከል አይታረምም። የ«ጠ»፣ የ«ቀ»፣ የ«ጨ» ችግር የጆሮና የጉሮሮ ልምምድ ስለሆነ በሌላ ቀን፣ በክፍሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት ደቂቃ ይሰጠው፦ እርስዎ ከሁለቱ አንዱን ቃል ይበሉ፣ ልጆቹ የሰሙትን በእጃቸው ያመልክቱ። «ገና» የበዓሉን ጠብቆ፣ «ገና አልደረሰም» ያለውን ላልቶ ማለትም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

5. ሦስተኛው ዙር (5 ደቂቃ)

ልጆቹ አንድ ወንበር ተሸጋሽገው ያንኑ የቅዳሜ ታሪክ ለሦስተኛ ሰሚ ይናገራሉ። ጊዜው እንደገና ሁለት ደቂቃ ነው፤ በዋናው ልምምድ ጊዜው በየዙሩ ያጥራል፣ እዚህ ግን ከሁለት ደቂቃ በታች አያሳጥሩት። ልጁ አሁን አዲስ ነገር በእጁ ይዟል፤ ጊዜው ካጠረ መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው። ያለ እርማት ሦስት ጊዜ እያሳጠሩ ማስደገም ሌላም ጉዳት አለው፦ ልጁ የመጀመሪያውን ስሕተት እንዳለ ይደግመዋል፣ በየዙሩም ይበልጥ ይለምደዋል። እርማቱን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል ያስገባነው ለዚህ ነው።

ያችው ልጅ አሁን እንዲህ ልትል ትችላለች፦

«ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። እናቴ ቡና አፈላች። አባቴ ሄደ ወደ ሥራ። እኔ አልሄድኩ። ከዚያ አክስቴ መጣ... መጣች። ዳቦ አመጣች፣ እንትን፣ ትልቅ ዳቦ። ነገረች እኔን፣ ‹ነይ ብዪ›።»

ከሰባቱ ግሶች አምስቱ ትክክል ሆነዋል። «መጣ... መጣች» ላይ ቆም አለች፤ ይህ እንከን ሳይሆን ራሷን ማረሟ ነው፣ በወረቀትዎ ላይ ከትክክሎቹ ይቁጠሩት። በዚህ ዙር ብዙ ልጆች ከሁለተኛው ዙር ይልቅ ትንሽ ዝግ ይላሉ። የሚጠበቅ ነው፤ ፍጥነቱ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ታሪክ ሲደጋገም ይመለሳል።

6. ወደ ሌላ ነገር ማሻገር (7 ደቂቃ)

ልጁ የቅዳሜውን ታሪክ በቃሉ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ የያዘውን ማወቅ የሚቻለው ባልተለማመደው ይዘት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በመጨረሻ ከሰማው ታሪክ ሁለት ነገር ለሁሉም ይንገር፦ «የሄለን እናት ቡና አፈላች፤ አክስቷ ዳቦ አመጣች።» ለአንድ ልጅ 30 ሰከንድ ይበቃል። እዚህ የሚሳሳት ካለ «የሄለን እናት ቡና...?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱት፤ ካልመጣለት ይለፉ።

7. የቤት ሥራና መዝገብ (5 ደቂቃ)

የቤት ሥራው የድምፅ መልእክት ነው። ልጁ ስለ ቅዳሜው ጠዋት አንድ ደቂቃ ቀድቶ በወላጅ ስልክ ለአያቱ ወይም ለአክስቱ ይላክ። ደስ እስኪለው ድረስ ደጋግሞ መቅዳት ይፈቀድለታል፤ በመደጋገሙ ራሱን እየሰማ ያርማል። መልእክቱን የምትቀበለው አያት እርማት እንዳትልክ፣ ይልቁንም ጥያቄ እንድትጠይቅ ወላጆች ይንገሯት።

ለመዝገብ በየሳምንቱ የሁለት ልጆችን ንግግር ወላጅ አስፈቅደው ይቅዱ፤ በስድስት ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል። ከቅጂው አንድ ደቂቃ ብቻ ወስደው አራት ነገር ይቁጠሩ፦ ስንት ግስ ተጠቀመ፣ ስንቱ ትክክል ነው፣ ከሦስት ሰከንድ በላይ ስንት ጊዜ ዝም አለ፣ ስንት ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። የቃላት ብዛት በደቂቃ መቁጠር ለአማርኛ አይበጅም፤ «ነገረችኝ» ብቻውን አድራጊውንም ተደራጊውንም ይዞ አንድ ቃል ነው፣ የተሳሳተው «ነገረ እኔን» ግን ሁለት ይሆናል። ልጁንም ከራሱ የቀድሞ ቅጂ ጋር እንጂ ከሌላ ልጅ ጋር አያነጻጽሩ።

ቁጥሮቹ የሚቀጥለውን ሳምንት ይነግሩዎታል። ትክክለኛው ግስ እየጨመረ የጠቅላላ ግሱ ብዛት ከቀነሰ ልጁ እየሸሸ ነው፤ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመርጣል። የትክክለኛነት ጊዜውን ወደ 10 ደቂቃ ዝቅ አድርገው ብዙ ሰዎች ያሉበት ርዕስ ይስጡት። ዝምታው ጠፍቶ የስሕተቱ ብዛት ባለበት ከቆመ ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ያስቀሩና እርማቱን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያምጡት። ወደ እንግሊዝኛ መሻገሩ ካልቀነሰ ርዕሱ ከቃላቱ በላይ ሆኖበታል፤ ከዝግጅቱ በፊት ስድስት ሰባት የሚያስፈልጉ ቃላትን በሥዕል ያስተዋውቁ።

ክፍሉ ሲለያይ

በቅርቡ ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካለ የሴት ግስ ልምምድ ለእሱ ጊዜ ማባከን ነው። በነፃ ንግግሩ ጊዜ ጥሩ ሰሚና ጠያቂ ይሆናል፤ በትክክለኛነቱ ጊዜ ሥዕሎቹን እሱ ይገልብጥ፣ መልሱን ግን እንዳይናገር አስቀድመው ይንገሩት። ጨርሶ ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆነ ልጅ ሲኖር ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ሰሚ ሆኖ ይለፍ፤ በሁለተኛው ዙር የሰማውን የሌላውን ልጅ ታሪክ በአንድ ደቂቃ ይናገር። የራሱን ቤት ከመተረክ ይቀለዋል፣ ቃላቱንም ከጓደኛው ሰምቷቸዋል።

አማርኛ ጨርሶ ሰምተው ለማያውቁ አዋቂ ጀማሪዎች የደቂቃው ክፍፍል ይገለበጣል። አቀላጥፈው የሚናገሩት ነገር ገና ስለሌላቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከ60 ደቂቃው 40 ያህሉ ለትክክለኛው መልክና ለቃላት ይሂድ፤ ነፃው ንግግር የ30 ሰከንድ ሁለት ዙር ሆኖ፣ በዚያው ቀን በተማሩት ዓረፍተ ነገሮች ይጀምር።